ከውሉ በፊት ቃል ያስር ነበርን? የማኅበራዊ ውል አሳቢዎች የተለያዩበት መነሻ



ለዛሬው ንግግር የተሰጠኝ ርእስ ሰፊ ነው። ማኅበራዊ ውል የሚባለውን ሐሳብ ከጥንት ግሪኮች አንሥቶ እስከ እኛ ዘመን ድረስ መተረክ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ትረካ ብዙ ስም አስጠንቶ ጥቂት ነገር ብቻ የሚያስተምር ሆኖ ስላገኘሁት ትቼዋለሁ። በምትኩ አንድ ጠባብ ጥያቄ ይዤ ከ1651 እስከ 1762 ባለው ዘመን ውስጥ እቆያለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፦ መንግሥት ከመቆሙ በፊት ሰው ለሰው የሚሰጠው ቃል ያስር ነበርን? ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ነገሩን ከፍልስፍና መጽሐፍ ሳይሆን ከምክር ቤት አዳራሽ ብንጀምረው ይሻላል። በታኅሣሥ 1688 የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ሠራዊቱ ሲከዳው አገሩን ጥሎ ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። ሲሸሽም ታላቁን የመንግሥት ማኅተም ቴምዝ ወንዝ ውስጥ ጣለው፤ ያለ እርሱ ማኅተም ሕጋዊ ምክር ቤት ሊጠራ እንደማይችል ያውቅ ነበርና። ሆኖም በጥር 1689 እንደራሴዎቹ ያለ ንጉሥ ጥሪ ተሰበሰቡ። ጥር 28 ቀን የታችኛው ምክር ቤት አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ፍሬ ነገሩ፣ ንጉሡ በንጉሥና በሕዝብ መካከል ያለውን የመጀመሪያውን ውል በማፍረሱ፣ መሠረታዊ ሕጎችን በመጣሱና ከአገር በመውጣቱ መንግሥቱን ለቅቋል፣ ዙፋኑም ባዶ ነው የሚል ነበር።

ውሳኔው ወደ መኳንንቱ ምክር ቤት በደረሰ ጊዜ ጭቅጭቁ ተነሣ። ይህ የመጀመሪያ ውል የሚባለው ምንድን ነው? መቼ ተዋዋሉት? በየትኛው መዝገብ ይገኛል? የሕግ አዋቂዎች ተጠርተው አስተያየታቸውን ተጠየቁ። በመጨረሻ እንዲህ ያለ ውል አለ ወይስ የለም የሚለው በድምፅ ተወሰነ፤ 53 ለ46 ሆኖም ውሉ “አለ” ተባለ። በእኔ ግምት በፖለቲካ ሐሳብ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስገርም የድምፅ ቆጠራ አይገኝም። የአንድ አገር መሠረት የሆነ ውል መኖር አለመኖሩ በሰባት ድምፅ ብልጫ ታወቀ! ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ለዊልያምና ለሜሪ ዘውዱ ሲቀርብ በተነበበው የመብቶች መግለጫ ውስጥ ጄምስ መንግሥቱን ለቀቀ የሚለው ሲቀር፣ ስለ መጀመሪያው ውል አንድም ቃል አልተጻፈም። ውሉ በድምፅ ተወልዶ በዝምታ ተቀበረ።

ሰዎቹ ያፈሩበት ምክንያት አለ። ውል ፈረሰ ለማለት፣ ቀድሞ ሁለት ተዋዋዮች ሊኖሩ፣ ውሉን የሚያጸና አንድ ነገርም ሊኖር ይገባል። ተራ ውል የሚጸናው በመንግሥት ሕግና በዳኛ ነው። መንግሥትን ራሱን የወለደው ውልስ በምን ጸና? ዳኛው ያን ጊዜ አልነበረም። እንግዲህ አሳቢዎቹን ሁሉ የሚለያያቸው ይህ ነጥብ ነው። ተማሪዎቻችን በፈተና ወረቀት ላይ ሆብስ ፍጹም ንግሥናን ደገፈ፣ ሎክ የተገደበ መንግሥትን፣ ሩሶ የሕዝብ ሉዓላዊነትን ብለው ይጽፋሉ። ስሕተት የለበትም። ግን መደምደሚያዎቹን መሸምደድ ነው። ልዩነቱ የተፈጸመው ገና ውሉ ሳይጀመር ነው።

ከቶማስ ሆብስ እንጀምር። ሆብስ ዋናውን መጽሐፉን፣ ሌዋታንን፣ ያሳተመው በ1651 ነው፤ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በሕዝብ ፊት አንገቱ ከተቀላ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መጽሐፉን የጻፈው በፓሪስ በስደት ሳለ ነበር። የሆብስ መነሻ የሰው ክፋት ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ይህ ትክክል አይመስለኝም። መነሻው እኩልነት ነው። ደካማው ሰው ብርቱውን ተኝቶ ሳለ ወይም ከሌላ ደካማ ጋር ተባብሮ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ማንም ሰው ኃይሌ ይበቃኛል ብሎ ተማምኖ ሊያድር አይችልም። ሁለት ደህና ሰዎች እንኳ፣ አንዱ የሌላውን ልብ ማየት ስለማይችል፣ ቀድሞ መምታት የሚያዋጣ መስሎ ይታያቸዋል። ጦርነት ሲል የሚናገረውም ስለ ውጊያ ብቻ አይደለም፤ የዝናም ወራት ማለት ያለማቋረጥ ይዘንባል ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ጦርነትም የመዋጋት ዝንባሌው የታወቀበት፣ ዋስትና የጠፋበት ጊዜ ነው ይላል። ለተጠራጣሪ አንባቢም ቤትህን ማታ ለምን ትቆልፋለህ የሚል ዓይነት ጥያቄ ያቀርባል። ሕግና ሹም ባለበት አገር እንዲህ ካደረግህ፣ በሌለበትስ?

በዚህ ሁኔታ ቃል መግባት ምን ዋጋ አለው? ሆብስ እዚህ ላይ አማርኛችን በተፈጥሮው የያዘውን ልዩነት ያደርጋል፤ ውልን ከቃል ኪዳን ይለያል። ወዲያው ሰጥቶ ወዲያው መቀበል አንድ ነገር ነው። አንዱ ዛሬ ፈጽሞ ሌላው ነገ እፈጽማለሁ ብሎ የሚታመንበት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት ጎረቤታሞችን አስቡ። ዛሬ ያንተን እህል አብረን እናጭዳለን፣ በሚመጣው ሳምንት የእኔን ተባባሉ። የመጀመሪያው ሰው እህሉ ገባለት። አሁን ለምን ይመለሳል? ሁለተኛውም ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ መጀመሪያውኑ ለማገዝ አይወጣም። ሆብስ የሚለው፣ አስገዳጅ ኃይል በሌለበት፣ ቀድሞ የሚፈጽም ሰው ራሱን ለጠላቱ አሳልፎ ይሰጣል፤ ስለዚህ ምክንያታዊ ጥርጣሬ በተነሣ ቁጥር ቃል ኪዳኑ ይፈርሳል። ከዚህም የሚከተለው ከባድ ነው፦ ቃል ኪዳን ካላሰረ፣ ማፍረስ የሚባል ነገር የለም፤ ማፍረስ ከሌለ ደግሞ በደል የለም፤ ያንተ የእኔ የሚባል ንብረትም የለም።

ታዲያ ሰዎቹ ከዚህ እንዴት ይወጣሉ? የሆብስ መፍትሔ ብልሃት ያለበት ነው። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ይዋዋላሉ፤ እያንዳንዱ ለእያንዳንዱ፣ አንተም እንደዚሁ ካደረግህ ራሴን የመምራት መብቴን ለዚህ ሰው ወይም ለዚህ ጉባኤ አሳልፌ እሰጣለሁ ይለዋል። ቃል ኪዳኑና ቃል ኪዳኑን የሚያስከብረው ሰይፍ በአንድ ቅጽበት ይወለዳሉ ማለት ነው። ሉዓላዊው ግን ተዋዋይ አይደለም። ለማንም ቃል አልገባም፤ ቃል ያልገባ ደግሞ ቃል አያፈርስም። አሁን ወደ 1689 አዳራሽ ተመልከቱ፤ ንጉሡ ውል አፈረሰ የሚለው ክስ በሆብስ ቋንቋ ትርጉም የሌለው ዐረፍተ ነገር ነው። ሆብስ እዚህ መደምደሚያ ላይ የደረሰው ነገሥታትን ስለሚወድ አይደለም። ከሰይፍ በፊት ቃል አያስርም ብሎ ስለ ጀመረ ነው።

ግን አንድ ስንጥቅ አለ፤ ንባባችሁን እዚህ ላይ ቀስ አድርጉ። ያው ሆብስ፣ በፍርሃት የተገባ ቃል ኪዳን ይጸናል ይላል፤ ሕይወቱን ለማትረፍ ለሽፍታ ቤዛ እከፍላለሁ ብሎ ቃል የገባ ሰው እንኳ፣ ሕግ ካልከለከለው በቀር፣ መክፈል አለበት። ይህን የፈለገው ድል የተነሣ ሕዝብ ለአሸናፊው የሚገባው የታዛዥነት ቃል እንዲጸና ነው። በ1650 አዲሱ የእንግሊዝ ሪፐብሊክ አዋቂ ወንዶችን ሁሉ፣ ያለ ንጉሥና ያለ መኳንንት ምክር ቤት ለቆመው መንግሥት ታማኝ እንሆናለን ብላችሁ ፈርሙ ሲል ግድ ብሎ ስለ ነበር፣ ጥያቄው የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። ሆብስ ለፈራሚዎቹ ምክንያት ሰጣቸው። ነገር ግን ሽፍታው ፊት የተሰጠው ቃል ያለ መንግሥት የሚያስር ከሆነ፣ ከሰይፍ በፊት ምንም አያስርም የሚለው መነሻ ላልቷል ማለት ነው። ሆብስም ሌላኛው ወገን ድርሻውን አስቀድሞ ከፈጸመ ቃል መጠበቅ ከምክንያታዊነት ጋር ይስማማል፣ ቃል የሚያጥፍን ሰው ማንም በማኅበሩ አያስገባውም በማለት ሊደፍነው ይሞክራል። ደፈነው ወይስ አልደፈነውም የሚለው ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አልደፈነውም ከሚሉት ወገን ነኝ።

ጆን ሎክ በተቃራኒው በር ይገባል። ስለ መንግሥት የጻፋቸው ሁለቱ ድርሳናት የወጡት በ1689 መጨረሻ ላይ ነው፤ የርእስ ገጹ 1690 ይላል፤ የደራሲው ስም አልተጻፈበትም። ለረጅም ጊዜ መጽሐፉ የ1688ቱን ለውጥ ለማጽደቅ የተጻፈ ይመስል ነበር። ፒተር ላስሌት ግን አብዛኛው የተጻፈው ለውጡ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት መሆኑን አሳየ። ይህ ለንባባችን ይጠቅማል፤ ሎክ የተፈጸመን ነገር የሚያጸድቅ ሳይሆን ገና ያልተፈጸመን፣ አስጊም የሆነን ነገር የሚያስብ ሰው ነበር።

የሎክ የቅርብ ባላጋራ ሆብስ ሳይሆን ሮበርት ፊልመር ነበር። ፊልመር የውልን ሐሳብ ከሥሩ ይነቅለዋል። ነጻ ሆኖ የተወለደ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ሁሉ የሚወለደው ከአባት ሥልጣን በታች ነው፤ ንጉሥም አባት ነው፤ ሥልጣኑም ከአዳም ይወርዳል። ዛሬ ሲሰማ ያስቃል፤ ግን ጥያቄው ቀላል አልነበረም። የውል አሳቢዎች ሁሉ ሰውን እንደ እንጉዳይ ከመሬት ያለ እናት ያለ አባት ያበቅሉታል የሚለው ወቀሳ ዛሬም ድረስ በሌላ መልክ ይመለሳል። ሎክ የመጀመሪያውን ድርሳን በሙሉ ያጠፋው ለዚህ መልስ ነው። መልሱም ባጭሩ፣ የአባት ሥልጣን ልጁ አእምሮው እስኪበስል የሚቆይ ሞግዚትነት እንጂ ገዥነት አይደለም፤ ደግሞም እናት በእኩል ትካፈለዋለች፤ የሚል ነው።

በሎክ ተፈጥሯዊ ሁኔታ ውስጥ መንግሥት የለም፤ ሕግ ግን አለ። ይህን ሕግ አእምሮ ያስተምራል፤ ማንም የሌላውን ሕይወት፣ ነጻነትና ንብረት እንዳይነካ ያዝዛል። ቃልም ያስራል። ሎክ የሚሰጠው ምሳሌ ግልጽ ነው፦ አንድ የስዊዝ ሰውና አንድ የአሜሪካ አገር ተወላጅ በጫካ ተገናኝተው ቢለዋወጡና ቢዋዋሉ፣ አንዳቸው ለአንዳቸው በተፈጥሯዊ ሁኔታ ላይ ቢሆኑም እንኳ ቃላቸው ያስራቸዋል፤ ምክንያቱም ታማኝነት የሰው የሰውነቱ እንጂ የዜግነቱ ግዴታ አይደለም። ከሆብስ ጎረቤታሞች ጋር አስተያዩት። ሁኔታው አንድ ነው፤ ዳኛ የለም፤ ሰይፍ የለም። መነሻው ስለ ተለየ ብቻ አንደኛው ጋ ጥርጣሬ ነግሦ ይታያል፣ ሌላኛው ጋ ግዴታ።

ታዲያ ይህን ያህል ደህና ከሆነ መንግሥት ለምን አስፈለገ? ሎክ ሦስት ነገር ይጎድላል ይላል፤ ሁሉ ያወቀውና የጸና ሕግ፣ የማያዳላ ዳኛ፣ ፍርድን የሚያስፈጽም ኃይል። በተለይ ሁለተኛው ቁልፉ ነው። ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሲሆን ለራሱ ያዳላል፤ ሲቀጣም ያበዛል። እንግዲህ መንግሥት የሚመጣው ሰዎችን ከጥፋት ለማዳን ሳይሆን የዳኝነትን ችግር ለማረም ነው። ከዚህ የተነሣ ፍጹም ንጉሥ መፍትሔ ሊሆን አይችልም፤ በራሱ ጉዳይ ዳኛ የሆነ አንድ ተጨማሪ ሰው፣ ያውም ሠራዊት ያለው ሰው ነውና። ሎክ እንዲህ ያለውን ምርጫ ከትንንሽ አውሬዎች ሸሽቶ በአንበሳ መበላትን እንደ ዋስትና ከመቁጠር ጋር ያመሳስለዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሎክ በሕዝብና በመንግሥት መካከል ስላለው ግንኙነት ሲናገር ውል የሚለውን ቃል ይሸሻል። ውሉ ሰዎች እርስ በርስ ማኅበር ሲመሠርቱ ያደረጉት ነው። ለመንግሥት የሚሰጠው ግን አደራ ነው። ይህን ለውጭ አገር ተማሪ ማስረዳት ገለጻ ይጠይቃል፤ ለእኛ ግን አደራ ምን እንደሆነ የሚነግረን አያስፈልገንም። አደራ ተቀባይ ግዴታ እንጂ በሰጪው ላይ የይገባኛል ጥያቄ የለውም፤ አደራ ሰጪ አደራውን ይመልሳል፤ አደራ የበላ ደግሞ ስሙ የታወቀ ነው። ስለዚህ የ1689ኙ የምክር ቤት ውሳኔ የሎክ ሐሳብ ነው ማለት አይቻልም። እንደራሴዎቹ በንጉሥና በሕዝብ መካከል ውል ነበረ አሉ፤ በውል ደግሞ ንጉሡም የሚከራከርበት መብት ይኖረዋል። ሎክ ይህን በር ዘግቶታል። እንደራሴዎቹም በበኩላቸው የሎክን በር አልወደዱትም፤ አደራው ሲበላ ሥልጣን ወደ ሕዝቡ ይመለሳል የሚለው ቃል ለባለ ርስቶቹ የሚጥም አልነበረም።

የሎክ ደካማ ጎን የቱ ነው? ከመንግሥት በፊት ቃል የሚያስረው በተፈጥሮ ሕግ ነው አለ። የተፈጥሮ ሕግስ የሚያስረው በምንድን ነው? መልሱ፣ ሰዎች የፈጣሪ ሥራና ንብረት ስለሆኑ ነው። ይህ ጌጥ አይደለም፤ ምሰሶው ነው። ማረጋገጫው በዚያው በ1689 በወጣው ስለ ሃይማኖት መቻቻል በጻፈው ደብዳቤ ይገኛል። ብዙ ዓይነት እምነትን የሚታገሠው ሎክ፣ እግዚአብሔር የለም የሚልን ሰው አይታገሥም፤ ምክንያቱም ቃልና መሐላ እንዲህ ያለውን ሰው ሊያስሩት አይችሉም። ስለ ሎክ ሲጻፍ ይህን ክፍል እንደ ዘመኑ ጉድለት አልፈው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ለእኔ ግን የመነሻው ትክክለኛ ውጤት ነው፤ ሆብስ ሰይፍን ባስቀመጠበት ቦታ ሎክ ፈጣሪን አስቀመጠ።

ዴቪድ ሂዩም በ1748 ስለ መጀመሪያው ውል ባሳተመው ጽሑፍ ሁለቱንም ምሰሶዎች ሳይነካ ጨዋታውን ያበላሻል። መጀመሪያ ታሪክ ይጠይቃል። ከሁሉ በተሻለው ምሳሌ በ1688 እንኳ፣ ዐሥር ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የወሰኑት የሰባት መቶ ሰዎች አብላጫ ድምፅ ነበሩ ይላል። ሎክ በአገሩ መንገድ የሚሄድ ሰው እንኳ በዝምታ ተስማምቷል ይል ነበር። ሂዩም ይመልሳል፦ የውጭ ቋንቋ የማያውቅ፣ በዕለት ደመወዙ የሚኖር ድሃ አገሩን ጥሎ የመሄድ ምርጫ አለው ማለት ተኝቶ ሳለ መርከብ ላይ የጫኑት ሰው፣ ባሕር ውስጥ ዘሎ አልሰጠመምና በካፒቴኑ ተስማምቷል እንደ ማለት ነው።

ይህ የሚታወቅለት ክርክር ነው። የጠለቀው ግን ሌላ ነው። ለመንግሥት ለምን እንታዘዛለን? ቃል ስለ ገባን። ቃልንስ ለምን እንጠብቃለን? ሂዩም ከዚህ በኋላ የሚመጣው መልስ፣ ያለዚያ ማኅበራዊ ኑሮ አይቆምም የሚል ብቻ ነው ይላል። እንዲህ ከሆነ ግን ለመንግሥትም የምንታዘዘው በዚያው ምክንያት ነው፤ በቃል በኩል መዞር ምን አተረፈልን? ከውሉ በፊት ቃል ያስር ነበርን ለሚለው ጥያቄያችን የሂዩም መልስ፣ ቃል መጠበቅ ራሱ ሰዎች በልምድ ያፈሩት ሥርዓት ነው፣ ከመንግሥት የበለጠ የተፈጥሮ አይደለም የሚል ይሆናል።

ዣን ዣክ ሩሶ ከዚህ ጋር በግማሽ ይስማማል፤ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል። በ1755 በወጣው ስለ እኩልነት መጓደል በጻፈው ድርሳን፣ ሆብስም ሎክም ተፈጥሯዊውን ሰው ፍለጋ ሄደው ያገኙት የራሳቸውን ጎረቤት ነው ብሎ ይወቅሳቸዋል። ኩራት፣ ቅናት፣ ለነገ ማሰብ፣ ንብረት፤ እነዚህ ሁሉ በማኅበር ውስጥ የበቀሉ ናቸው። የሩሶ የመጀመሪያ ሰው ብቸኛ ነው፤ ቋንቋ የለውም፤ ሲመሽ የዛሬውን ያህል የነገውን አያይም። እንዲህ ያለ ሰው ቃል ሊያፈርስም ሊጠብቅም አይችልም፤ ቃል መግባት ቋንቋንና ነገን ማሰብን ይጠይቃልና። ውል ማድረግ የሚችለው ከተፈጥሮ የራቀ፣ ቀድሞ የተበላሸ ሰው ነው። በዚሁ ድርሳን ውስጥ የምናየው የመጀመሪያው ውል፣ ብዙ ያለው ሰው ምንም ለሌላቸው ጎረቤቶቹ፣ ሁላችንን የሚጠብቅ ሕግ እናቁም ብሎ ያቀረበው ግብዣ ነው። ሁሉም ነጻነታቸውን ያገኙ መስሏቸው ተስማሙ፤ የጸናው ግን የባለጸጋው ይዞታ ነበር።

እንግዲህ ሩሶ በ1762 ማኅበራዊ ውል የተባለውን መጽሐፉን ሲጽፍ የነበረውን ሳይሆን ሊሆን የሚገባውን ውል ይፈልጋል። እያንዳንዱ ራሱን ለሁሉ ይሰጣል፤ ለማንም በተለይ አይሰጥም። ነገር ግን መነሻው ተከትሎት ይመጣል። የጋራውን ጥቅም ከራሱ ጥቅም የሚያስቀድም ሕዝብ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለውን ሕዝብ የሚፈጥሩት ደግሞ መልካም ሕጎች ናቸው፤ ሕጎቹ ግን ገና አልወጡም። ውጤቱ ምክንያቱን መቅደም ሊኖርበት ነው። ሩሶ ችግሩን ራሱ በግልጽ ይናገረዋል፤ ከዚያም ሕግ ሰጪ የሚባል ልዩ ሰው ያስገባል፤ ይህ ሰው ሥልጣን የለውም፣ በክርክርም ማሳመን አይችልም፣ ስለዚህ በአማልክት ስም ይናገራል፤ ሙሴንና ሊኩርጎስን ያስታውሰናል። ሆብስ በሰይፍ፣ ሎክ በፈጣሪ የሞሉትን ቦታ ሩሶ በአንድ እንግዳ ሰው ሞላው። የጄኔቫ መንግሥት መጽሐፉን በዚያው ዓመት ሲያቃጥለው ይህን ምዕራፍ አንብቦት እንደሆነ አላውቅም፤ በተማሪዎቼ ድርሳኖች ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ አላገኘውም።

ለምትጽፉት የሴሚስተር ጽሑፍ አንድ የሥራ መንገድ ልጠቁም። ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ስታነቡ ውሉ ወደሚገኝበት ገጽ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ምዕራፎች ላይ እርሳስ ይዛችሁ ተቀመጡ። ደራሲው በዚያ ባዶ በሚለው ስፍራ ምን ምን እንዳስገባ መዝግቡ፤ ቋንቋ አለ? ንብረት አለ? ቤተሰብ አለ? ሰዎቹ ነገን ያስባሉ? ቃላቸውን የሚያስረው ማን ነው? ከዚያ ውሉን አንብቡ። በውሉ ውስጥ ያገኛችሁት ሁሉ አስቀድሞ በእርሳስ ከጻፋችሁት ዝርዝር ውስጥ ከሆነ መነሻውን እንጂ ውሉን አትጠይቁ፤ በዝርዝሩ ያልነበረ ነገር ድንገት ብቅ ካለ ግን፣ እንደ ሩሶ ሕግ ሰጪ፣ ክርክሩ የተቸገረበት ቦታ እዚያ ነው።

ካንት በ1793 ውሉን ማንም ያላደረገው፣ ግን ሕግ አውጪ ሁሉ ሕጉን የሚመዝንበት የአእምሮ ሐሳብ ነው ብሎ የመቼ ነበር ጥያቄን ከመንገድ ያነሣዋል። ያ ሌላ ንግግር ይጠይቃል፤ ጊዜዬም አልቋል። ጥያቄ ካላችሁ ከፊት ረድፍ እንጀምር።